አራት ካስማ በደራ ሜዳ

በደራ ዙሪያ ያለው የዶዶታ ሜዳ ዝናብ አጠር ነው። ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ ቦታ የሚመርጡ ባለሙያዎች የብረት ካስማና የገመድ ጥቅል ይዘው ብቅ ማለታቸው አዲስ ነገር አይደለም። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት ካስማ መሬት ውስጥ ይመታል፤ ባትሪው በአንደኛው ከረንት ያስገባል፣ በሌላኛው ይመልሳል። ሌሎች ሁለት ካስማዎች ራቅ ብለው ይተከሉና በመካከላቸው ያለው ቮልቴጅ ይለካል። መንገደኛው የሚያየው ይህን ነው። እኔ ግን እዚያ ሜዳ ላይ የሚታየኝ የፊዚክስ ተማሪ ከሰሌዳ ገልብጦ፣ ለፈተና ሸምድዶ፣ ከፈተና በኋላ የሚተወው የመልቲፖል ዝርዝር ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አየር ላይ ያለ የአንድ ቻርጅ ፖቴንሻል ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በግማሽ ይቀንሳል። ወጥ በሆነ መሬት ላይ የተመታ ካስማም የሚታዘዘው ለዚሁ ሕግ ነው፦

```
V = ρI / (2πr)
```

I የሚገባው ከረንት፣ r ርቀቱ፣ ρ ደግሞ መሬቱ ከረንትን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገረው ሬዚስቲቪቲ ነው። ከረንት የሚያስገባው ካስማ የፖዘቲቭ ቻርጅን ቦታ ይይዛል፣ የሚያስወጣው የኔጌቲቭን። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ አንድ ነው፤ የሚለየው በላብራቶሪ በሴንቲሜትር የሚለካው እዚህ በመቶ ሜትር መራመዱ ብቻ ነው።

* * *

የመልቲፖል ዝርዝር የሚለው እንዲህ ነው። የቻርጆች ስብስብ ምንም ያህል የተወሳሰበ ቢሆን፣ በጣም ርቆ ለቆመ ሰው ፖቴንሻሉ በተራ በተራ የሚደመሩ ቁራጮች ሆኖ ይደርሰዋል። መጀመሪያ ጠቅላላ ድምሩ ይመጣል፤ ሞኖፖል ይባላል፣ ከርቀት ጋር የሚቀንሰው እንደ 1/r ነው። ቀጥሎ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ምን ያህል እንደተራራቁና ወዴት እንደዞሩ የሚናገረው ዳይፖል ይመጣል፤ እሱ እንደ 1/r² ይቀንሳል። ከዚያ ኳድሩፖል በ1/r³፣ እያለ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ካስማዎቹ እንመለስ። ባትሪ የሰጠውን ሁሉ መልሶ ይቀበላል። አንድ አምፔር ከገባ አንድ አምፔር ይወጣል፤ ድምሩ ምንጊዜም ዜሮ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁራጭ ከነጭራሹ የለም። ከሩቅ ሆኖ የሚሰማው የመጀመሪያው ድምፅ ዳይፖሉ ነው።

በቁጥር እንየው። መሬቱ 40 ኦም-ሜትር ነው እንበል፣ ከረንቱ 1 አምፔር፣ በሁለቱ ካስማዎች መካከል 20 ሜትር። አንዱ ካስማ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በ100 ሜትር ላይ 64 ሚሊቮልት፣ በ200 ሜትር ላይ 32 ሚሊቮልት ይገኝ ነበር። ጥንዱ ግን፣ በካስማዎቹ መስመር አቅጣጫ ከመሃላቸው ተነስቶ ሲለካ፣ በ100 ሜትር ላይ 12.9፣ በ200 ሜትር ላይ 3.2 ሚሊቮልት ነው የሚሰጠው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን አንዱ ወደ ግማሽ፣ ሌላው ወደ ሩብ ወረደ። ከፊቱ ያለው የቻርጅ ስብስብ ድምሩ ዜሮ ይሁን አይሁን ማወቅ የሚፈልግ ሰው መቁጠር አይጠበቅበትም፤ ሁለት ቦታ ለክቶ አወራረዱን ማየት ይበቃዋል።

* * *

መምህራን ዳይፖልን ሲያስተምሩ ስለ መነሻ ነጥብ የሚናገሩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። እኔ ግን የጉዳዩ ግማሽ እዚያ ያለ ይመስለኛል።

ድምሩ ዜሮ ካልሆነ ዳይፖሉ የሚነግረን ነገር አነስተኛ ነው። መነሻ ነጥቡን ወደ ቻርጆቹ መሃል ስናዛውር ዳይፖሉ ይጠፋል። ያ ማለት የነገረን ቦታን ብቻ ነበር፤ «የቆጠርክበት ነጥብ ከመሃሉ ይህን ያህል ርቋል» ነው ያለን። የመሬት ስበትን የሚለኩ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ክብደት ኔጌቲቭ ስለሌለው ድምሩ ዜሮ አይሆንም፤ መነሻውን የክብደት ማዕከሉ ላይ ካደረጉት ዳይፖል የሚባል ቁራጭ የላቸውም።

ድምሩ ዜሮ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። መነሻውን የፈለግንበት ብናደርገው የዳይፖሉ መጠንና አቅጣጫ አይነቃነቅም። የኛ ጥንድ 1 አምፔር በ20 ሜትር ተባዝቶ 20 አምፔር-ሜትር ነው፤ ከአንዱ ካስማ፣ A እንበለው፣ ተነስተን ብንቆጥርም፣ ከመሃል ብንቆጥርም፣ ከአዳማ አደባባይ ብንቆጥርም ያው 20 ነው። ቁጥሩ የነገሩ እንጂ የቆጣሪው አይደለም።

ይህ ሲባል ግን የመነሻው ምርጫ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ከካስማ A በ100 ሜትር ላይ፣ ከሌላው፣ ከB፣ በ120 ሜትር ላይ ያለ አንድ ነጥብ እንውሰድ። መነሻውን A ላይ አድርገን በዳይፖሉ ብቻ ብናሰላ ከእውነተኛው 20 በመቶ እንሳሳታለን። ለዚያው ነጥብ መነሻውን የጥንዱ መሃል ላይ ብናደርገው ስህተቱ ከ1 በመቶ በታች ነው። ዳይፖሉ አልተለወጠም። የተለወጠው ከኋላው ያለው ወረፋ ነው፤ A ላይ ሲቆሙ ኳድሩፖል ይፈጠራል፣ መሃል ላይ ሲቆሙ በሚዛኑ ምክንያት ይጠፋል፣ ቀጣዩ ቁራጭ ኦክቱፖል ይሆናል። ተማሪ «ግምቱ አልሰራም» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ከየት እንደቆጠረ ነው።

* * *

ዳይፖል አቅጣጫ አለው፣ ስለዚህም ዝም የሚልበት ቦታ አለው። በሁለቱ ካስማዎች መካከል በትክክል አጋማሹ ላይ ቆሞ ወደ ጎን፣ ለገመዱ ቀጥ ባለ ማዕዘን የሚሄድ ሰው የትም ቢደርስ ከሁለቱም እኩል ይርቃል። የአንዱ ፕላስ የሌላውን ማይነስ ያጠፋዋል። በዚያ መስመር ላይ ፖቴንሻሉ ዜሮ ነው፤ በሩቅ ግምት ሳይሆን በትክክል ዜሮ።

ይህን መስመር እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ከመሣሪያው ሳጥን ይልቅ ስለ መሬቱ ሐቁን ይናገራል። ወጥ መሬት ከሆነ እዚያ ምንም መገኘት የለበትም። ከተገኘ በግራና በቀኝ ያለው መሬት አንድ አይደለም ማለት ነው፦ አንዱ ወገን አመድና ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሌላው ወገን ሸክላ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በመካከል ስንጥቅ አልፏል። የስምጥ ሸለቆው ወለል በስንጥቅ የተቆራረጠ ስለሆነ እዚህ አገር ይህ የዘወትር ነገር ነው። በዜሮው ቦታ ላይ የተገኘች ሁለት ሚሊቮልት፣ ሲግናሉ በሚጮህበት ቦታ ከተገኘች ሁለት ሚሊቮልት ይልቅ ብዙ ትነግራለች።

* * *

በክረምት ከደራ ሆኖ ወደ ጭላሎ አቅጣጫ የሚያይ ሰው ማታ ማታ መብረቁን ያያል። እዚያም ያለው ይኸው ሒሳብ ነው። በደመናው ሆድ ያለው ቻርጅ መሬቱ ላይ የተቃራኒውን ይስባል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ዜሮ ናቸው፤ ከሩቅ የሚሰማው ዳይፖላቸው ነው። በደመና ክፍሉ የሚታወቀውና በ1927 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስኮትላንዳዊው ሲ. ቲ. አር. ዊልሰን በ1916 እና በ1920 ባወጣቸው ጽሑፎች መሬት ላይ ቆሞ የኤሌክትሪክ መስኩን ድንገተኛ ለውጥ በመለካት መብረቅ ምን ይዞ እንደወረደ አስልቷል።

ግን ያሰላው ምንን ነው? ሁለት መብረቆች እናስብ። አንዱ 20 ኩሎምብ ከ6 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያወርዳል፣ ሌላው 10 ኩሎምብ ከ12 ኪሎ ሜትር። በቻርጅም በከፍታም አይገናኙም። ብዜታቸው ግን እኩል 120 ኩሎምብ-ኪሎ ሜትር ነው። 50 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ መሣሪያ ለመጀመሪያው 17 ገደማ፣ ለሁለተኛው 16 ገደማ ቮልት በሜትር ያነባል። በሜዳ ላይ ልኬት ይህ ልዩነት አይታመንም። እዚያው መሣሪያ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን ግን መጀመሪያው 4,500፣ ሁለተኛው 980 ያህል ይሆናል፤ ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት።

የዳይፖሉ ቁጥር ስንትና ከየት የሚለውን ለየብቻ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ብዜቱን ነው። ሁለቱን ለመለየት መቅረብ ወይም በአንድ ጊዜ ከብዙ ቦታ መለካት ግድ ነው። ከአንድ ሩቅ ጣቢያ ልኬት ተነስቶ «ይህን ያህል ኩሎምብ ወረደ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከፍታውን ከየት እንዳገኘው ጠይቁት፤ ወይ በሌላ መንገድ አውቆታል፣ ወይ ገምቶታል።

* * *

ዳይፖል ቶሎ መድከሙ ለሜዳ ሠራተኛው ትልቅ ጣጣ ነው። የሚለካው የአንድ ነጥብ ፖቴንሻል ሳይሆን በሁለት ካስማዎች መካከል ያለው ልዩነት ስለሆነ ደግሞ ድካሙ ወደ 1/r³ ይወርዳል። ሁለቱም ጥንዶች 20፣ 20 ሜትር ሆነው በመካከላቸው ሌላ 20 ሜትር ብቻ ሲኖር 106 ሚሊቮልት ይነበባል። በመካከላቸው 120 ሜትር ሲሆን 1.9 ሚሊቮልት ብቻ ነው የሚቀረው። ጠለቅ ያለውን መሬት ለማየት የሚያስፈልገው ግን ይህ ሁለተኛው ነው።

1.9 ሚሊቮልትን የሚውጥ ነገር ሜዳው ላይ ሞልቷል። ብረቱ ካስማ ከእርጥብ አፈር ጋር ተገናኝቶ በራሱ ሚሊቮልቶች ያመነጫል፤ ስለዚህ ከረንቱን እያገላበጡ መላክና ልዩነቱን መውሰድ የግድ ነው። ደረቅ አመድ ላይ የተመታ ካስማ ደግሞ ከረንት አያስገባም፤ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ሥሩ ይፈስበታል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የተላጠ ገመድ ነው። የከረንት ገመዱ በመለኪያው ካስማ አጠገብ በእርጥብ ሣር ላይ አለፈ እንበል፤ ፕላስቲኩም እዚያ ጋ ተፍቋል። ከ1 አምፔሩ አንድ ሺህኛው ብቻ፣ ከመለኪያው ካስማ 1 ሜትር ላይ ቢያፈስ፣ ካስማው ላይ 6.4 ሚሊቮልት ይፈጥራል። ሲግናሉ 1.9 ነው! አጠቃላይ ድምሩ አሁንም ዜሮ ነው፤ ዳይፖሉም የተለወጠው በጥቂቱ ነው፤ የመልቲፖል ዝርዝሩ ግን እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም፤ ምክንያቱም የሚሠራው የሚለካው ሰው ከቻርጆቹ ሁሉ ሲርቅ ነው፣ አንዱ ቻርጅ ደግሞ እግሩ ሥር ነው። በኮምፒውተር ላይ ይህ ስህተት መሬት ውስጥ ያለ ነገር መስሎ ይወጣል፤ የቆንጆ ንብርብር ሥዕል ሆኖ።

መለየቱ ቀላል ነው፤ ስንፍና ነው የሚያስቀረው። አንዱን የከረንት ካስማ ከመሬት ነቅሎ፣ ገመዱን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ከረንት መላክ፤ ከዚያ በሌላኛውም መድገም። የከረንት ቆጣሪው ዜሮ ማለት አለበት። ዜሮ ካላለ ከረንቱ በሌላ መንገድ እየወጣ ነው። ጠዋት ገመዱ ደረቅ ሳለ ያለፈ ፈተና ከዝናብ በኋላ ላያልፍ ስለሚችል ከዝናብ በኋላ ይደገማል።

* * *

መሬት ውስጥ የተቀበረው ነገርስ? ከረንት በቀላሉ የሚያሳልፍ ክብ ነገር ወጥ መሬት ውስጥ ካለ በአንድ ጎኑ ከረንት ይሰበስባል፣ በሌላው ጎኑ ይለቃል። የሚገባው የሚወጣውን ያህል ነው። ራሱ ባትሪ የለውም። ስለዚህ እሱም ከላይ ሆኖ ለሚለካው ሰው የሚታየው ዳይፖል ሆኖ ነው። የዳይፖሉ መጠን በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በሬዲየሱ ሦስተኛ ኃይል፣ R³፣ እና በሚከተለው ቁጥር፦

```
(ρ1 − ρ2) / (ρ1 + 2ρ2)
```

ρ1 የዙሪያው መሬት፣ ρ2 የተቀበረው ነገር ነው። ዙሪያው 40 ኦም-ሜትር ሆኖ ውስጡ 4 ከሆነ ቁጥሩ 0.75 ይሆናል። ውስጡ 0.4 ቢሆን፣ ማለት አሥር እጥፍ የተሻለ አሳላፊ ቢሆን፣ 0.97 ነው የሚሆነው። ከዚያ በላይ ምንም ቢሻሻል አንድን አያልፍም። ስለዚህ 30 ሜትር ሬዲየስ ያለው፣ 4 ኦም-ሜትር የሆነ አካልና 27.5 ሜትር ሬዲየስ ያለው፣ 0.4 ኦም-ሜትር የሆነ አካል ዳይፖላቸው አንድ ነው። እርጥብ ሸክላና በጣም ጨዋማ ሙቅ ውሃ በሁለት ሜትር ተኩል ልዩነት አንድ ዓይነት ይሆናሉ ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ፦

«ልጄ፣ ውሃ አገኛችሁ?»

«ከረንት የሚወድ ነገር አለ አባባ። ውሃ ይሁን ጭቃ ገና አላወቅንም።»

ከዚህ የተሻለ መልስ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አላነበብኩም። ውሃ እንኳ ቢሆን ገና ጥያቄ ይቀራል፦ በስምጥ ሸለቆው ጉድጓዶች ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፍሎራይድ ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር፣ ያልፋል፤ የወንጂ ሰው ጥርስና አጥንት ይህን ዕዳ ከፍሏል። እሱን ደግሞ ምንም ዓይነት ካስማ አይነግረንም፤ ናሙናው ላብራቶሪ መሄድ አለበት። ወደ ደቡብ ስንወርድ፣ በአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ መስክ፣ በ1980ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ እዚያም ከረንትን በደንብ የሚያሳልፈው ሙቁ ማጠራቀሚያ ራሱ ሳይሆን ከላዩ የተጋደመው በሙቀት የተለወጠ የሸክላ ክዳን ነው። አሳላፊውን አካል ዒላማ አድርጎ የሚቆፍር ሰው ክዳኑን ቆፍሮ ይቆማል።

* * *

ታዲያ ዳይፖላቸው አንድ የሆኑትን ሁለቱን አካላት የሚለይ ነገር የለም ወይ? መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ የመለኪያ ካስማዎቹን ማቅረብ ነው። ይህ አይሠራም። የከረንት ካስማዎቹ ሩቅ ከሆኑ አካሉ አጠገብ የሚደርሰው መስክ ወጥ ነው፤ ወጥ መስክ ውስጥ ያለ ወጥ ክብ አካል ደግሞ የሚሰጠው ንጹሕ ዳይፖል ነው፣ ቆዳው ድረስ ቢጠጉት እንኳ። ከዳይፖሉ በኋላ የሚሰለፍ ሌላ ቁራጭ የለም። የምንፈልገው መረጃ በመራቃችን የጠፋ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ያልተፈጠረ ነው።

መቅረብ ያለበት ከረንት የሚያስገባው ካስማ ነው። እሱ ሲቀርብ መስኩ ወጥነቱን ያጣል፤ አካሉ ላይ ኳድሩፖል ይፈጠራል። የኳድሩፖሉ መጠን የሚወሰነው በሬዲየሱ አምስተኛ ኃይል ስለሆነ ትንሹ አካል እዚህ ይሸነፋል፦ ዳይፖላቸው እኩል የሆነው የሁለቱ አካላት ኳድሩፖል በ19 በመቶ ይለያያል። ነገር ግን የከረንቱም የመለኪያውም ካስማ ከአካሉ መሃል 100 ሜትር ርቀው ከሆነ ኳድሩፖሉ የዳይፖሉ 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ከጠቅላላው ሲግናል 2 በመቶ አይሞላም፣ በሜዳው ጫጫታ ይዋጣል። ወደ 50 ሜትር ሲጠጉ ኳድሩፖሉ 38 በመቶ ያህል ይደርሳል፣ ልዩነቱም የዳይፖሉ 7 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ይለካል። አካሉ ከ100 ሜትር በታች ከሆነ ግን ከመሬት ወለል ላይ ሆኖ 50 ሜትር መጠጋት አይቻልም። ያለው መንገድ የመጀመሪያውን የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የውሃውን ናሙና ከወሰዱ በኋላ፣ የከረንቱን ኤሌክትሮድ በገመድ ወደ ውስጥ ማውረድና ከላይ እንደገና መለካት ነው። ብረት ቧንቧ ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት፤ ቧንቧው ከገባ በኋላ ከረንቱን በርዝመቱ ሁሉ ስለሚበትነው ጉድጓዱ በሙሉ አንድ ረጅም ካስማ ይሆናል።